ፍሬሙ ሁሉ ያምራል፣ ፊልሙ ግን ፈዟል፦ ስለ ከለር ስክሪፕት

ጥያቄ፦ «ሰላም ጋሼ። የ7 ደቂቃ አኒሜሽን እየሠራሁ ነው። ከዘጌ እንጨት በታንኳ ጭነው ባሕር ዳር ገበያ ስለሚያመጡ አንድ ሽማግሌና ስለ ልጅ ልጃቸው ነው። መሃል ላይ አያቷ ይሞታሉ፤ መጨረሻ ላይ ልጅቷ ብቻዋን ትቀዝፋለች። ደስታውን ብርቱካን፣ ሐዘኑን ሰማያዊ አድርጌዋለሁ። እያንዳንዱ ፍሬም ለብቻው ያምራል፤ ሲያያዝ ግን ስሜቱ አይመጣም። ሥዕሎቹንና ስቶሪቦርዱን ልኬያለሁ፤ ባክግራውንዱን ከጓደኛዬ ጋር እንካፈላለን። ከለር ስክሪፕት ሥሪ ተባልኩ። እንዴት ነው የሚሠራው?»

ምላሽ፦

የላክሻቸውን ሥዕሎች በአንድ ገጽ ላይ በተርታ ደርድሬ፣ እያንዳንዱን የክብሪት ቀፎ ያህል አሳንሼ አየኋቸው። በዚያ መጠን ፊቱም፣ ዛፉም፣ መቅዘፊያውም ይጠፋል፤ የሚቀረው ቀለሙ ብቻ ነው። ከመጀመሪያው እስከ አያቷ ሞት ያለው ሁሉ አንድ ብርቱካናማ ግድግዳ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ አንድ ሰማያዊ ግድግዳ። በ7 ደቂቃ ውስጥ አንድ ለውጥ ብቻ። ታሪክሽ ግን ቢያንስ ሰባት ጊዜ ይታጠፋል።

ሌላም ነገር አለ። ጀንበር ስትጠልቅ ጣና ያምራል፤ ማን ይክዳል? ግን አራት ትዕይንት ላይ ጀንበር አጥልቀሻል። ለቱሪስት ፖስት ካርድ ይሆናል፤ ለፊልም አይሆንም። ተመልካቹ አንደኛውን አይቶ «እሰይ» ይላል፣ አራተኛው ላይ ዓይኑ ለምዶታል።

ከለር ስክሪፕት ማለት ይኸው አሁን ያደረግኩት ነው፤ ልዩነቱ ባክግራውንዱ ከመሣሉ በፊት መሠራቱ ነው። ፊልሙን በሙሉ በአንድ እይታ የሚያሳይ የትናንሽ ሥዕሎች ተርታ ነው። ስቶሪቦርዱ ምን እንደሚሆን ይነግርሻል፤ ይሄኛው ያ ነገር በምን ብርሃን ውስጥ እንደሚሆን። ዝርዝር የለውም። አንዱን ሥዕል ከአሥር ደቂቃ በላይ ከቆየሽበት ባክግራውንድ መሣል ጀምረሻል ማለት ነው፤ ተዪው።

መጀመሪያ ቀለሙን ትተሽ ወረቀት ላይ አንድ መስመር አስምሪ። ከግራ ወደ ቀኝ 7ቱ ደቂቃ ነው። በላዩ ላይ የልጅቷን ስሜት ከፍና ዝቅ እያደረግሽ ሣይው። በየመታጠፊያው አንድ ቃል ጻፊ። ቃሉ የሚሆነውን ነገር ሳይሆን እሷ የሚሰማትን ይሁን። «ገበያ» ብለሽ ከጻፍሽ ገበያ ትሥያለሽ፤ «ኩራት» ብለሽ ከጻፍሽ ግን ብርሃኑን መፈለግ ትጀምሪያለሽ። በስቶሪቦርድሽ መሠረት ስምንት ሣጥን ይወጣዋል፦ ሳይነጋ ዘጌ ላይ ሲጭኑ መተማመን፤ ውሃው ላይ መቅዘፊያውን ሲሰጧት ኩራት፤ ገበያው ላይ ደስታ፤ ሲመለሱ ነፋስ ሲነሳ ስጋት፤ አያቷ ያልተነሱበት ጠዋት ድንጋጤ፤ ከለቅሶው በኋላ ባዶነት፤ ታንኳውን ተሸክማ ወደ ውሃው ስትሄድ እልህ፤ ብቻዋን ስትቀዝፍ ሐዘን ያለበት ደስታ።

አሁን ወደ ቀለሙ። እጅሽ ላይ ያሉት መዘውሮች ሦስት ናቸው። አንደኛው ብርሃኑ ነው፤ ፍሬሙ በጠቅላላው ጨለም ይላል ወይስ ይነጣል? ሁለተኛው ሳቹሬሽን ነው፤ ቀለሙ ጮክ ብሎ ይናገራል ወይስ አመድ ለብሷል? ሦስተኛው ሙቀት ነው፤ ወደ ብርቱካን ያደላል ወይስ ወደ ሰማያዊ? አንቺ የነካሽው ሦስተኛውን ብቻ ነው። ሙቀቱን ገልብጠሽ ሌሎቹን ሁለቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እዚያው ተውሻቸው። ስሜቱ አልመጣ ያለው በዚህ ነው። ዓይን ከሙቀት ለውጥ ይልቅ የብርሃን ለውጥ ቶሎ ይሰማዋል።

ደግሞ ሰማያዊ ሐዘን ነው ያለሽ ማነው? ቀለም የተሰጠ ትርጉም የለውም ማለቴ አይደለም፤ ግን አንድ ፊልም የራሱን ትርጉም በመጀመሪያው ደቂቃ ለተመልካቹ ያስተምረዋል። ያንቺን ታሪክ ተመልከቺው። የሚጀምረው ገና ሳይነጋ ነው። ጨለማ ነው፣ ኩራዝ በርቷል፣ አያቷ ጋቢያቸውን ለብሰው እንጨት ያስተካክላሉ። ልጅቷ በዚህ ጨለማ ውስጥ ምንም አትፈራም። እንግዲያው ፊልሙ ገና ከመነሻው «ጨለማ ማለት አያቴ አጠገቤ አሉ ማለት ነው» ብሎ አስተምሯል። ይህን ካስተማርሽ በኋላ ሐዘኑን ጨለማና ሰማያዊ ማድረግ የራስሽን ትምህርት ማፍረስ ነው።

ስለዚህ እኔ ብሆን ሐዘኑን፣ ማለትም ሣጥን ስድስትን፣ ቀትር ላይ አደርገዋለሁ።

የሚያዝያን ቀትር እዚህ ባሕር ዳር ታውቂዋለሽ። ፀሐይ አናት ላይ ናት፣ ጥላ እግር ሥር ይገባል፣ መሬቱ ይነጣል፣ ሐይቁ እንኳ ቀለም አጥቶ እንደ ቆርቆሮ ያብረቀርቃል። ሰልስት አልፏል፣ ድንኳኑ ተነቅሏል፣ ግቢው ባዶ ነው። ልጅቷ ጥቁር ለብሳ መሃል ላይ ትቀመጥ። ብርሃኑን ከአሥር ዘጠኝ አድርጊው፣ ሳቹሬሽኑን ሁለት። በጠቅላላው ፍሬም ውስጥ ያለችው ጨለማ ነገር እሷ ብቻ ትሁን። መደበቂያ የላትም። ያ ከኩራዙ ጨለማ ቀጥታ ተቃራኒ ነው፤ ተመልካቹ ለምን እንደከፋው ባያውቅም ይከፋዋል።

ሳቹሬሽንን ቆጥቦ መያዝን በደንብ ያሳየ ሥራ ከፈለግሽ «አፕ» የሚባለውን በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣ ፊልም መጀመሪያ በድጋሚ እዪው። ሚስትየዋ ከሞቱ በኋላ የሽማግሌው ዓለም ይደበዝዛል፤ ፊኛዎቹ ከቤቱ ሲወጡ ያ ሁሉ ቀለም የሚያስደነግጠው በፊት ስለተነፈግን ነው።

ከሣጥን ወደ ሣጥን እንዴት እንደሚኬድ ላሳይሽ፤ ዋናው ሥራ መገጣጠሚያው ላይ ነውና።

ሣጥን አንድ ጨለማ ነው አልን፤ ብርሃኑ ሁለት። ሙቀቱ ግን ኩራዙ ዙሪያ ባለች ትንሽ ክብ ውስጥ ብቻ ነው። ሣጥን ሁለት ላይ ይነጋል፤ ብርሃኑ ወደ አምስት ይወጣል፣ ሳቹሬሽኑ ገና አራት ነው፣ ሐምራዊ ነክ ግራጫ ጠዋት። ጀንበሯን አታሳዪ፤ ብርሃኗ ብቻ የልጅቷን ጉንጭ ይንካ። ሣጥን ሦስት ገበያው ነው፤ እዚህ ሳቹሬሽኑን ወደ ሰባት ልቀቂው፣ ቀለም በዓይነት ይብዛ፦ ጃንጥላ፣ ፕላስቲክ፣ ሻሽ፣ ሙዝ። ግን ብርሃንና ጥላው አይራራቅ፤ ሁሉም ነገር እኩል ይጩህ። የልጅ ደስታ ነው፣ ዓይኗ አንድ ቦታ አያርፍም።

ሣጥን አራት ላይ አንድ ሥዕል አይበቃም፤ ሦስት ሣዪለት። ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ነፋስ እንደሚነሳ የታንኳ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ስለዚህ ለውጡ ሰበብ አለው፣ ከየት መጣ አይባልም። በመጀመሪያው ሥዕል ሙቀቱ ከሰማዩ ይውጣ። በሁለተኛው ከውሃው። በሦስተኛው የቀረው ሙቀት የአያቷ ፊትና እጅ ላይ ብቻ ይሁን። ልጅቷ ገና አልፈራችም፤ ቀለሙ ግን ቀድሟታል። ቀለም ከገጸ ባሕሪው ቀድሞ ሲያውቅ ስጋት ይሆናል። ከገጸ ባሕሪው ዘግይቶ ሲያውቅ ደግሞ ድንጋጤ። ይሄን ሁለተኛውን የምንጠቀምበት ቀጥሎ ነው።

ሣጥን አምስት ያልተነሱበት ጠዋት ነው። አዲስ ቀለም አትፈልጊለት። ሣጥን አንድን እንዳለ ኮፒ አድርጊው፤ ያው ጎጆ፣ ያው የካሜራ ቦታ፣ ያው ጨለማ፣ ብርሃኑ ሁለት። ኩራዙን ብቻ አጥፊው። በሣጥን አንድ ብርቱካናማ የነበረው ጋቢ አሁን ሰማያዊ ነክ ግራጫ ነው። ተመልካቹ ለአንድ አፍታ «እሰይ፣ ወደ ቤት ተመለስን» ይላል፤ ከዚያ ምን እንደጎደለ ይገባዋል። ከዚህ ጨለማ ቀጥታ ወደ ነጩ ቀትር ቁረጪ፤ ቀስ ብሎ መሻገር የለም። ከሁለት ወደ ዘጠኝ። በፊልሙ ውስጥ ትልቁ የብርሃን ዝላይ ይኼ መሆን አለበት። ሌላ ቦታ ይህን የሚያህል ዝላይ ካለሽ ቀንሺው፤ ቀድሞ የተባከነ ዝላይ እዚህ አይሠራም።

ስለ ጋቢው አንድ ነገር፤ ሥዕሎችሽ ላይ በሁሉም ትዕይንት ያው ነጭ ነው። ነጭ ነገር የብርሃን መስታወት ነው፣ ተጠቀሚበት። ኩራዝ አጠገብ ብርቱካን ነው፣ ጥላ ውስጥ ሰማያዊ ግራጫ፣ ቀትር ላይ ብቻ ነው ነጭ የሚሆነው። በሥዕል መሥሪያው ሶፍትዌር በ`Krita` የምትሠሪ ከሆነ የዕቃውን ቀለም በአንድ ሌየር ቀቢ፤ ከላዩ አዲስ ሌየር ከፍተሽ የጥላውን ቀለም ሙዪና ሁነታውን `Multiply` አድርጊው። ብርሃን የሚያርፍበትን ቦታ ላጲስ አድርጊለት። ጋቢውም፣ እንጨቱም፣ ፊቱም በአንድ አየር ውስጥ ይገባሉ። `Multiply` ሁልጊዜ ያጨልማል እንጂ አያፈካም፤ ስለዚህ ለሣጥን ስድስት አትጠቀሚበት፣ ያንን በቀጥታ በፈዘዙ ቀለሞች ቀቢው።

አሁን የምትቆጥቢያቸው ሁለት ቀለሞች። መቅዘፊያው ጫፍ ላይ የታሰረችው ቀይ ጨርቅ ጎበዝ ሐሳብ ናት፤ ግን እንዳትታይ አድርገሻታል። ገበያው ላይ በርበሬ፣ ቲማቲም፣ ቀይ ጀሪካን ሞልቷል። ቀዩ ሁሉ ያን ያህል ከጮኸ የጨርቋን ድምፅ ማን ይሰማል? በርበሬውን ወደ ሸክላ ቀለም ውሰጂውና ጥላ ውስጥ አስገቢው፤ ቲማቲሙን በሽንኩርት ተኪው፤ ጀሪካኑ ቢጫ ይሁን፣ ደግሞ እውነቱም እሱ ነው። ደንቡ አንድ ነው፦ በየትኛውም ፍሬም ከጨርቋ የበለጠ ሳቹሬሽን ያለው ቀይ አይኑር።

ሁለተኛው አረንጓዴ ነው። ይሄ ይከብዳል፣ ዘጌ ጫካ ነዋ! ግን ትችያለሽ። ሣጥን አንድ ጨለማ ነው፤ ሣጥን ሁለት ላይ ጫካውንና ደንገሉን ከጀርባ ብርሃን ስጫቸው፣ ጥቁር ጥላ ብቻ ይሆናሉ። ገበያው ውስጥ ዛፍ አያስፈልግም። ቀትሩ ላይ ሣሩ ደርቋል። ሣጥን ሰባት ላይ ክረምት ይገባል፤ ደመናማ፣ ብርሃኑ አራት፣ ጭቃ። በክረምት ከዳር ያለው የጣና ውሃ በደለል ቡናማ ነው፤ እባክሽ ሰማያዊ አትቀቢው። ያ ቡናማ ለእልህ ተስማሚ ነው፤ ከባድ ነው፣ ይጎትታል።

ከዚያ ሣጥን ስምንት፤ መስከረም። አረንጓዴው ለመጀመሪያ ጊዜ ይለቀቃል፤ ሳቹሬሽን ስምንት። በዚያ አረንጓዴ ፊት የምታልፍ ትንሽ ቀይ ጨርቅ ያለ ምንም ጥረት ትፈካለች፤ ሁለቱ ተቃራኒ ቀለሞች ናቸውና አንዱ ሌላውን ያደምቀዋል። ከገበያው ደስታ ጋር አወዳድሪው፦ ያኛው ብዙ ቀለም ነበር፣ ይኼኛው ሁለት ብቻ። ልጅቷ ማደጓን የሚናገረው ይሄ ነው። አደይ አበባ መሣል እንደምትፈልጊ ይገባኛል። አትሣዪው። መስከረም መሆኑን ይነግርልሻል፣ ግን ቢጫው ሦስተኛ ሆኖ ገብቶ ሁለቱን ይበትናቸዋል። ካልሆነልሽ ሩቅ ዳገት ላይ እንደ ነጠብጣብ፣ ከዚያ በላይ አይሆንም።

ታንኳውንም እንዳትረሺው። አዲስ ታንኳ የደረቀ ደንገል ነው፣ ፈዛዛ ወርቃማ። ውሃ ላይ ሲቆይ ይጠጣል፣ ይጠቁራል፣ ይከብዳል። ይኼ በነጻ የተሰጠሽ የቀለም ጉዞ ነው። ሣጥን አንድ ላይ ወርቃማ፣ አራት ላይ ቡናማ፣ ስድስት ላይ ፀሐይ ላይ ተጥሎ የገረጣ። ስምንት ላይ አዲስ ታንኳ ይሁን ወይስ ያው አሮጌው የሚለው የታሪኩ ባለቤት ውሳኔ ነው። እኔ አሮጌውን አዲስ ደንገል ጨምራ የጠገነችው ብታደርጊው እመርጣለሁ፤ ሁለት ቀለም ያለው ታንኳ ብዙ ይናገራል።

ሲያልቅ ሦስት ፈተና አድርጊ። መጀመሪያ ቀለሙን አጥፊው። `Krita` ላይ ከሁሉም በላይ `Filter Layer` ጨምሪና `Desaturate` ምረጪ፤ ከአማራጮቹ `Luminosity` የሚለውን። ተርታው ግራጫ ሲሆን የስሜቱ ከፍና ዝቅ አሁንም መታየት አለበት። ሁለት ጎረቤት ሣጥኖች አንድ ዓይነት ግራጫ ከሆኑና ስሜታቸው ግን የተለያየ ከሆነ፣ እዚያ ጋ ሙቀት ላይ ብቻ ተደግፈሻል። አሁን ያሉት ሥዕሎችሽ በዚህ ፈተና ሁሉም አንድ ግራጫ ናቸው፤ ሞክሪው፣ ትደነግጫለሽ።

ሁለተኛ፣ ታሪኩን ለማያውቅ ሰው ተርታውን አሳዪው። «ያምራል ወይ?» ብለሽ አትጠይቂው፤ ያምራል ይልሻል፣ ይሉኝታ አለበት። «ነገር የተበላሸው የት ጋ ነው?» በዪው። ጣቱን አራት ወይም አምስት ላይ ካደረገ ሠርቷል። ስምንት ላይ ካደረገ አረንጓዴሽ መርዛማ ሆኗል፤ አስተካክዪው።

ሦስተኛው ስልክ ነው። ፊልምሽን አብዛኛው ሰው የሚያየው በስልክ፣ ያውም ደጅ ተቀምጦ ነው። ተርታውን ስልክሽ ላይ ጫኚና ብርሃኑን ግማሽ አድርገሽ ውጭ ወጥተሽ እዪው። ሣጥን አንድ ጥቁር ጉድጓድ ከሆነ ጨለማሽ ከልክ አልፏል። ጨለማ የሚሆነው ከብርሃኑ ጋር ሲነጻጸር ነው እንጂ ጥቁር በመቀባት አይደለም፤ ጥላውን ትንሽ አፍኪና የኩራዙን ክብ አጥብቢው።

አንድ ወሰን አለው። ከለር ስክሪፕት የማይታይ ድርጊትን እንዲታይ አያደርግም። ሣጥን ሰባት ላይ ልጅቷ ታንኳውን ለምን እንደምትሸከም ስቶሪቦርዱ ላይ ግልጽ አይደለም፤ እሱን በቀለም ልትሸፍኚው አትሞክሪ፣ አንድ ሾት ጨምሪለት።

ባክግራውንዱን ከጓደኛሽ ጋር እንደምትካፈሉ ጽፈሻል። እንግዲያው ከእያንዳንዱ ሣጥን አምስት አምስት ቀለም ቀድተሽ ከሥሩ ደርድሪ፦ ሰማይ፣ ውሃ ወይም መሬት፣ ብርሃን ያረፈበት ቆዳ፣ ጥላ ውስጥ ያለ ቆዳ፣ ጋቢ። ከፎቶ ላይ አትቅጂ፤ የፎቶ ቀለም አንድ ነጥብ ላይ ሲቀዳ ጭቃ ይሆናል። ያለቀ ባክግራውንድ ሁሉ ከሣጥኑ ጎን አንሶ ይቀመጥና ይታይ። ሁለታችሁም ሳታውቁት በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያደመቃችሁ ትሄዳላችሁ፤ የተለመደ ነው። ስድስት ላይ እንዲህ ከሆነ ስምንት ላይ የምትለቂው ነገር አይኖርሽም፤ ስለዚህ ስድስትንና ስምንትን አንድ ሰው ይሣላቸው፣ አንቺ ብትሆኚ ይሻላል።